ለ72 ሜትር ህንፃ የመብረቅ ስጋት ስሌት እና በጣራ መሣሪያዎች ዙሪያ የመቀበያ ዘንጎች አቀማመጥ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ 32 በ24 ሜትር ስፋትና 72 ሜትር ከፍታ ያለው የሱቅና የቢሮ ህንፃ እየሠራን ነው። አማካሪያችን በአንቴናው ምሰሶ ጫፍ ላይ አንድ ኢኤስኢ፣ ማለትም ከተራ ዘንግ ቀድሞ ይሠራል የሚባል፣ ዘንግ ብቻ ትከሉ፣ የሚሸፍነው ራዲየስ 79 ሜትር ነው ብሎናል። ጣራው ላይ የቪአርኤፍ አየር ማቀዝቀዣ ማሽኖች፣ 5 ሜትር ቁመት ያለው የሊፍት ክፍል፣ በእሱ ላይ 7 ሜትር የቴሌኮም ምሰሶ እና የፕላስቲክ የውሃ ታንከሮች ይኖራሉ። ወደ 900 ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ይጠቀምበታል። የእሳት ማጥፊያና ሃይድራንት እንጂ ስፕሪንክለር የለውም። በዓመት በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ላይ የሚወርደው የመብረቅ ብዛት Ng = 8 ተሰጥቶናል። አርማታው ገና 14ኛ ወለል ላይ ነው። የስጋት ስሌቱ እንዴት ይሠራል? ዘንጎቹስ የት የት ይቀመጡ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። መደምደሚያውን አስቀድሜ ልንገርዎት። በሰጡት መረጃ መሠረት ህንፃው አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ከአራቱ ደረጃዎች ጠንካራውን፣ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ አንድ ዘንግ ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም ይህን ሊያሟላ አይችልም። የሚያስፈልገው በፓራፔቱ፣ ማለትም በጣራው ጠርዝ ባለው አጭር ግድግዳ፣ ዙሪያ የሚሄድ መቀበያ ገመድ፣ በሶሌታው ላይ የተዘረጋ መረብ፣ በቪአርኤፍ ማሽኖቹ ዙሪያ፣ በሊፍት ክፍሉ ማዕዘኖች እና በአንቴናው ዙሪያ የሚቆሙ ዘንጎች፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ ወደ መሬት የሚያወርድ የኮለኖቹ ፌሮ ነው። ወደዚህ ያደረሰኝን መንገድ የመብረቅ መከላከያ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነውን የአይኢሲ 62305ን የ2010 እ.ኤ.አ. እትም ተከትዬ አሳይዎታለሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛ እትም በመብረቅ ብዛት ፈንታ መሬት የሚነኩ የምት ነጥቦችን ብዛት መነሻ ስለሚያደርግ የስሌቱ ቅርጽ ተለውጧል፤ የጣራውን አቀማመጥ የሚወስነው አስተሳሰብ ግን ያው ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ህንፃው በዓመት ስንት ጊዜ ሊመታ እንደሚችል ከመገመት ነው። ለዚህም የህንፃውን መሰብሰቢያ ስፋት እናሰላለን፤ ይህም ከግድግዳው በሁሉም አቅጣጫ የከፍታውን ሦስት እጥፍ ያህል ወደ ውጭ የሚዘረጋ የመሬት ስፋት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከጣራ በላይ የወጣ አካል ሲኖር ስሌቱን ሁለት ጊዜ መሥራት እንደሚገባ ነው። አንደኛው ለዋናው ህንፃ፣ ሌላው ለወጣው አካል ጫፍ ይሠራና ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። በእርስዎ ህንፃ የምሰሶው ጫፍ ከመሬት 84 ሜትር ላይ ነው።

```
Ad  = L*W + 2*(3H)*(L+W) + π*(3H)²
    = 768 + 24192 + 146574 ≈ 171534 m²
Ad' = π*(3*84)² ≈ 199504 m²
Nd  = Ng * Ad' * Cd * 10⁻⁶
    = 8 * 199504 * 1 * 10⁻⁶ ≈ 1.6 በዓመት
```

ምሰሶው ብቻውን የመሰብሰቢያውን ስፋት በ16 በመቶ ገደማ አሳድጎታል። ስለዚህ የቴሌኮም ምሰሶ በኋላ የሚጨመር ትንሽ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከመጀመሪያው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ Cd ለተባለው የአካባቢ መለኪያ 1 መውሰዴን ልብ ይበሉ። የደረጃው ሰንጠረዥ እኩል ወይም ዝቅ ያሉ ነገሮች ለከበቡት ህንፃ 0.5፣ ለብቻው ለቆመ ህንፃ 1 ይሰጣል። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ህንፃው ከተማ ውስጥ ነው በማለት ብቻ 0.5 ያስገባሉ። እኔ ግን 72 ሜትር ህንፃ ባለአራትና ባለአምስት ፎቅ ቤቶች መካከል ቆሞ እነሱ ከመብረቁ ግማሹን ይወስዱለታል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። በ216 ሜትር ርቀት ውስጥ ከእርስዎ ህንፃ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ያለው ሌላ ህንፃ ካለ 0.5 ይውሰዱ፤ ከሌለ 1 ይውሰዱ። ይህ ምርጫ የሚያመጣውን ለውጥ ከታች ያዩታል።

ቀጥሎ የምናሰላው በሰው ሕይወት ላይ ያለውን ስጋት ነው። መብለጥ የሌለበት ገደብ በዓመት 10⁻⁵ ነው። በዚህ ህንፃ ከሁሉም የሚገዝፈው ድርሻ መብረቅ ህንፃውን በቀጥታ ሲመታ ከሚነሳ እሳት የሚመጣው RB ነው፤ እሱም የዓመቱ ምት ብዛት Nd፣ ምቱ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ PB እና የጉዳቱ መጠን LB ብዜት ነው። የጉዳቱ መጠን ከአምስት ነገሮች ብዜት ይገኛል። እነሱም የእሳት መከላከያው (በእጅ የሚሠራ ማጥፊያና ሃይድራንት ስላለ 0.5)፣ የእሳት ተጋላጭነቱ (ለቢሮና ለሱቅ መካከለኛ፣ 0.01)፣ የመደናገጥና የመውጣት ችግሩ (ከመቶ እስከ ሺህ ሰው ላለበት 5)፣ የአገልግሎት ዓይነቱ (ለንግድ ህንፃ 0.02) እና ሰዎች በህንፃው ውስጥ የሚገኙበት ጊዜ (በዓመት 3744 ሰዓት) ናቸው።

```
LB = 0.5 * 0.01 * 5 * 0.02 * (3744/8760) ≈ 2.14*10⁻⁴
RB = Nd * PB * LB

መከላከያ ከሌለ       PB = 1      RB ≈ 3.4*10⁻⁴
ሁለተኛ ደረጃ         PB = 0.05   RB ≈ 1.7*10⁻⁵
አንደኛ ደረጃ          PB = 0.02   RB ≈ 6.8*10⁻⁶
```

ያለ መከላከያ ስጋቱ ከገደቡ 34 እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ መከላከያ ቢገጠምም ከገደቡ በላይ ይቀራል። አንደኛ ደረጃ ሲገጠም ግን ከገደቡ በታች ይወርዳል። Cd 0.5 ተብሎ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛ ደረጃው ውጤት 8.5*10⁻⁶ ሆኖ ያልፍ ነበር። አንድ ከሰንጠረዥ የተመረጠ ቁጥር የህንፃውን የመከላከያ ደረጃ ሊቀይር የሚችል በመሆኑ፣ አማካሪው ስሌቱን ሲያቀርብልዎ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎት ይህንን ቁጥር ለምን እንደመረጠ ነው።

ሁለተኛ ደረጃን ይዞ አውቶማቲክ የእሳት ማስጠንቀቂያ በመጨመርም ወደ ተመሳሳይ ውጤት መድረስ ይቻላል፤ የእሳት መከላከያው ቁጥር ከ0.5 ወደ 0.2 ሲወርድ RB ልክ 6.8*10⁻⁶ ይሆናል። ነገር ግን ደረጃው ይህንን 0.2 ለማስጠንቀቂያ የሚፈቅደው በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ነው። ማስጠንቀቂያው ራሱ ከመብረቅ ሰርጅ፣ ማለትም በመስመር ከሚመጣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የተጠበቀ መሆን አለበት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መድረስ አለባቸው። በመንገድ መጨናነቅ ሰዓት ይህንን በጽሑፍ ፈርሞ የሚያረጋግጥልዎ ሰው ካላገኙ በዚህ ቁጥር አይደገፉ። አውቶማቲክ ስፕሪንክለር ቢኖርዎት ሐሳቤን እቀይር ነበር፤ ስለሌለ አንደኛ ደረጃ እላለሁ።

በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል የሚመጣውን ስጋት በአጭሩ ላንሳው። ህንፃው የራሱ ትራንስፎርመር ካለውና የሚመጣው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር በከተማ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በአየር የሚሄድ ከሆነ፣ ይህ ድርሻ ያለ ምንም ሰርጅ መከላከያ እንኳን 1.4*10⁻⁶ ገደማ ነው፤ ከቀጥታ ምት ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ከሁለት መቶ አንድ አይሞላም። ይህ ማለት ግን በመግቢያው ላይ ሰርጅ መከላከያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። መቀበያ ዘንግና ጅረቱን ወደ መሬት የሚያወርድ ዳውን ኮንዳክተር ያለው ህንፃ ሁሉ በገቢ መስመሮቹ ላይ አንደኛ ዓይነት ሰርጅ መከላከያ የግድ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የመብረቁ ጅረት ከመሬት ማስያዣው ተነስቶ በእነዚሁ መስመሮች በኩል ወደ ውጭ መውጫ ይፈልጋል።

ከጣራው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። ለሰው ሕይወት የሚሠራው ስሌት የመሣሪያ ብልሽትን የሚቆጥረው እንደ ሆስፒታልና የፍንዳታ አደጋ እንዳለበት ህንፃ፣ ብልሽቱ ወዲያውኑ ሰው ሊገድል በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው። በቢሮ ህንፃ ውስጥ የቪአርኤፍ ቦርዶች ሁሉ ቢቃጠሉ ከላይ ያገኘነው 6.8*10⁻⁶ ቅንጣት አይለወጥም። ስለዚህ ስሌቱ አለፈ ማለት በጣራው ላይ ያለው ንብረት ተጠብቋል ማለት አይደለም። ስሌቱ የሚሰጠን የመከላከያውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ማሽኖቹን የሚያድናቸው የዘንጎቹና የገመዶቹ አቀማመጥ ነው።

አንደኛ ደረጃ ሲባል በሥዕል ላይ የሚከተለውን ማለት ነው። ራዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ሉል በህንፃው ላይ በሁሉም አቅጣጫ ሲንከባለል ከመቀበያ ገመድና ከዘንግ በስተቀር ምንም ነገር መንካት የለበትም። መረብ ከተዘረጋ ክፍተቱ ከ5 በ5 ሜትር አይበልጥም። ዳውን ኮንዳክተሮችም በየ10 ሜትሩ ገደማ ይወርዳሉ። የሉሉ 20 ሜትር ራዲየስ የሚመጣው 3 ኪሎ አምፔር ከሚሆን ደካማ መብረቅ ነው። ደካማ መብረቅ ወደ ምቱ ነጥብ እጅግ ሳይቀርብ አይወስንም፤ በዘንጎች መካከል ሾልኮ ገብቶ ማሽን ሊመታ የሚችለውም እሱ ነው።

አሁን የአማካሪውን ሐሳብ በዚህ መለኪያ እንየው። 79 ሜትር የሚለው ቁጥር የመጣው ከፈረንሳዩ ኤንኤፍ ሲ 17-102 ደረጃ ነው፤ ዘንጉ ወደ ላይ የሚነሳውን መሪ ብልጭታ ከተራ ዘንግ 60 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ ይልካል ከሚል መነሻ ይሰላል። አይኢሲ 62305-3 ግን ለማንኛውም ዓይነት ዘንግ የሚቆጠረው የብረቱ ትክክለኛ አካላዊ ልክ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ምሰሶው ላይ የ2 ሜትር ዘንግ ቢተከል ጫፉ ከሶሌታው 14 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የቪአርኤፍ ማሽኖቹ አናት ባለበት በ2.1 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሸፍነው ራዲየስ ይህ ነው፦

```
x = √(2*r*h1 - h1²) - √(2*r*h2 - h2²)
  = √(2*20*14 - 14²) - √(2*20*2.1 - 2.1²)
  = 19.08 - 8.92 ≈ 10.2 m
```

ምሰሶው በጣራው መሐል ቢቆም ከዚያ እስከ ማዕዘኑ 20 ሜትር ስለሆነ አራቱም ማዕዘኖች ከሽፋኑ ውጭ ይቀራሉ። ረጅም ህንፃ በዋናነት የሚመታው ደግሞ እዚያው ማዕዘኑ ላይ ነው። በኩዋላ ላምፑር ሐርቶኖ እና ሮቢያህ የተባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት በመብረቅ የተመቱ ረጃጅም ህንፃዎችን ፎቶግራፍ በማንሳት ባሰባሰቡት ማስረጃ፣ ኢኤስኢ ዘንግ የተተከለባቸው ህንፃዎች ሳይቀሩ በማዕዘንና በጠርዝ ላይ አርማታቸው ተሰብሮ ታይቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ ህንፃ የሚወድቀው የአርማታ ቁራጭ ከ70 ሜትር በላይ ወርዶ መንገደኛ ላይ የሚያርፍ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ተገዝቶ ከሆነ እንደ ተራ ዘንግ ይቁጠሩት እንጂ በ79 ሜትሩ ላይ ተመሥርተው ሌላውን አይተዉ።

የጣራው ሥራ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። በፓራፔቱ አናት ላይ ዙሪያውን መቀበያ ገመድ ይሂድ፤ በማዕዘኖቹ ላይ አጫጭር ዘንጎች ይቁሙ። ገመዱ ከፓራፔቱ ውጫዊ ጠርዝ እጅግ ወደ ውስጥ መራቅ የለበትም፤ ከጎን የሚመጣው ሉል መጀመሪያ መንካት ያለበት ብረቱን እንጂ የአርማታውን ጠርዝ አይደለም። ፓራፔቱ በአሉሚኒየም ቆርቆሮ የሚሸፈን ከሆነና ውፍረቱ 0.65 ሚሊ ሜትር ከሞላ፣ መበሳቱም ከታች የሚያቃጥለው ነገር ከሌለ፣ ቆርቆሮው ራሱ በየመገጣጠሚያው ተያይዞ መቀበያ ሊሆን ይችላል። በአሉሚኒየም ላይ ግን የመዳብ ገመድ አያስሩ፤ በዝናብ ጊዜ አሉሚኒየሙ ይበላና ግንኙነቱ ይላላል።

የፓራፔቱ ገመድ ብቻውን መሐሉን አይጠብቅም። በሁለት ትይዩ ገመዶች መካከል ሉሉ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚሰምጥ በዚህ ይገኛል፦

```
p = r - √(r² - (d/2)²)
d = 24 :  p = 20 - √(400 - 144) = 4.0 m
```

24 ሜትር በተራራቁት ሁለት ፓራፔቶች መካከል ሉሉ 4 ሜትር ይሰምጣል፤ ፓራፔቱ ደግሞ 1.2 ሜትር ብቻ ነው እንበል። ስለዚህ ሉሉ ሶሌታውን ይነካል። ለዚህ ነው በሶሌታው ላይ ከ5 ሜትር ያልበለጠ ክፍተት ያለው መረብ የሚያስፈልገው፤ በ32 ሜትሩ ጎን ሰባት፣ በ24 ሜትሩ ጎን አምስት ክፍተት ይበቃል። መረቡ ሶሌታውን ይጠብቃል እንጂ ከሶሌታው በላይ የቆመውን ማሽን ሊጠብቅ አይችልም።

የቪአርኤፍ ማሽኖቹ በአንድ ቡድን ተሰብስበው 8 በ3 ሜትር ቦታ ይይዛሉ እንበል፤ አናታቸውም ከሶሌታው 2.1 ሜትር ነው። በአራቱ ማዕዘኖች ከማሽኖቹ 1 ሜትር እየራቁ ጫፋቸው ከሶሌታው 4 ሜትር የሚደርስ አራት ዘንጎች ያቁሙ። ዘንጎቹ 10 በ5 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሰያፉ 11.2 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ባለው ቀመር ሉሉ በመሐላቸው 0.8 ሜትር ስለሚሰምጥ ከሶሌታው 3.2 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ከማሽኖቹም አናት 1.1 ሜትር ይርቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሥዕሎች ያቆማሉ፤ ሉሉ ከጎን ሲመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በ10 ሜትር በተራራቁት ሁለት ዘንጎች መካከል ከጎን ገብቶ የማሽኑን የላይኛ ጠርዝ ይነካ ይሆን? የሉሉ ማዕከል ከሁለቱ ዘንጎች መስመር √(144 - 25) = 10.9 ሜትር ይርቃል፤ በ2.1 ሜትር ከፍታ ላይ ሉሉ ከማዕከሉ 8.9 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከዘንጎቹ መስመር 2 ሜትር ወደ ውጭ ላይ ይቆማል፤ ማሽኖቹም ደህና ናቸው። የዘንጎቹን ቁመት ወደ 3 ሜትር ዝቅ ቢያደርጉ በመሐል የሚቀረው ክፍተት 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከሚቀጥለው ነጥብ አንጻር ይህ አይበቃም።

የሚቀጥለው ነጥብ የመለያያ ርቀት ነው፤ በጣራ ሥራ ላይ ከሁሉም በላይ የሚበላሸውም እሱ ነው። መብረቅ ሲመታ ዘንጉና ገመዱ ከሌላው ብረት ጋር ከፍተኛ የቮልቴጅ ልዩነት ስለሚኖራቸው፣ ማሽኑ ከተጠጋቸው ብልጭታ ዘልሎ ይገባበታል። ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ርቀት በመብረቁ መንገድ ርዝመት ልክ ያድጋል፤ ርዝመቱም የሚለካው ከማሽኑ አቅራቢያ ካለው ነጥብ አንስቶ መቀበያውና ማሽኑ ሁለቱም የተያያዙበት የቅርብ ነጥብ እስኪደርስ ነው።

```
s = ki * (kc / km) * l          አንደኛ ደረጃ: ki = 0.08, አየር: km = 1, kc: የጅረቱ ድርሻ, l: የመንገዱ ርዝመት

ማያያዣው መሬት ላይ ብቻ ከሆነ:     0.08 * 0.44 * 75  ≈ 2.6 m
ማያያዣው በሶሌታ ፌሮ ላይ ከሆነ:     0.08 * 1 * 7.1    ≈ 0.57 m
```

በመጀመሪያው ስሌት ዳውን ኮንዳክተሮቹ ከህንፃው ተነጥለው በውጭ ይወርዳሉና መገናኛው ምድር ቤት ብቻ ነው። ይህ ሲሆን እያንዳንዱ ማሽን ከእያንዳንዱ ዘንግ 2.6 ሜትር መራቅ አለበት፤ በ24 ሜትር ጣራ ላይ ይህ አይታሰብም። በሁለተኛው ግን የኮለኖቹና የሶሌታው ፌሮ ራሱ ዳውን ኮንዳክተር ይሆናል። መረቡም የማሽኖቹ መሠረትም በዚያው ወለል ላይ ከፌሮው ጋር ይያያዛሉ። የሚቆጠረው ርዝመት ዘንጉ ከማሽኑ አናት በታች ያለው 2.1 ሜትርና እስከ ቅርቡ ማያያዣ ያለው ቢበዛ 5 ሜትር ብቻ ነው። ጅረቱ በሁለት አቅጣጫ እንደሚከፋፈል ሳልቆጥር እንኳን 0.57 ሜትር ይበቃል፤ የተውነው 1 ሜትር ያልፈዋል። በመካከላቸው ያለው አየር ሳይሆን ግድግዳ ወይም አርማታ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ እንደሚሆን ያስታውሱ።

ሳይት ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ዘንጉን በቅንፍ ከማሽኑ ፍሬም ጋር በብሎን ማሰር ነው። ሥራው ንጹህ ይመስላል፤ ዘንጉም ከማሽኑ በላይ ይታያል። ነገር ግን መብረቁ ያን ዘንግ ሲመታ ፍሬሙ የመንገዱ አካል ይሆንና ከጅረቱ የተወሰነው በመዳቡ የማቀዝቀዣ ቱቦ፣ በኃይል ገመዱና በቀጭኑ የመገናኛ ገመድ በኩል ወደ ታች ወለሎች ይገባል። የሚቃጠለውም የጣራው ማሽን ብቻ አይሆንም፤ በስድስተኛ ፎቅ ቢሮ ጣሪያ ውስጥ ያለው የማሽኑ የውስጥ ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ዘንጎቹ በራሳቸው የአርማታ እግር ላይ ለብቻቸው ይቁሙ። ቱቦዎቹና የገመድ መሄጃ ትሪው ወደ ህንፃው በሚገቡበት ቦታ ከፌሮው ጋር ይያያዙ፤ ለማሽኖቹ ኃይልና መገናኛ መስመር በመግቢያው ላይ ሁለተኛ ዓይነት ሰርጅ መከላከያ ይደረግላቸው። ከዘንግ ጋር ሳይወዱ በግድ የተያያዘ ማሽን ካለ አንደኛ ዓይነት ያስፈልገዋል።

የሊፍት ክፍሉ 6 በ5 ሜትር ቢሆን፣ በአናቱ ዙሪያ ገመድ ይሂድና በአራቱ ማዕዘኖች ጫፋቸው ከሶሌታው 6 ሜትር የሆኑ ዘንጎች ይቁሙ። የእነዚህ ዘንጎች ሽፋን በ2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ከግድግዳው 4.4 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይደርሳል። የውሃ ታንከሮቹን ከግድግዳው 1 ሜትር ርቀት ላይ ካስቀመጧቸውና ቁመታቸውም ስፋታቸውም ከ2.4 ሜትር ካልበለጠ ሙሉ በሙሉ በሽፋኑ ውስጥ ይሆናሉ፤ የራሳቸው ዘንግ አያስፈልጋቸውም። ሥዕሉ ገና እርሳስ ላይ ሳለ ታንከር ማንቀሳቀስ ምንም አያስወጣም፤ ጣራው ካለቀ በኋላ ግን ውድ ነው። የታንከሩ ፕላስቲክ መብረቅ አይስብም ብለው ግን የተንሳፋፊ መቆጣጠሪያውን ገመድ አይርሱ፤ እሱ እስከ ፓምፑ ክፍል ድረስ የሚወርድ ብረት ነው።

ምሰሶው ብዙዎችን ያሳስታል። ዘንጉን ከምሰሶው አናት 2 ሜትር ከፍ ካደረግሁት በ45 ዲግሪ ሲታይ 2 ሜትር ዙሪያ ይሸፍናል ተብሎ ይታሰባል። በሉሉ ሲሰላ ግን በምሰሶው አናት ደረጃ የሚሸፍነው 19.08 ሲቀነስ 18.33፣ ማለትም 0.75 ሜትር ብቻ ነው። ምክንያቱም ከጣራው 14 ሜትር ከፍታ ላይ ሉሉ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው ማለት ይቻላል። አንድ ዘንግ በምሰሶው አንድ ወገን በ1 ሜትር ርቀት ቢቆም በሌላው ወገን ያለው አንቴና ክፍት ይቀራል። የተሻለው መንገድ በሦስቱ የአንቴና አቅጣጫዎች መካከል፣ ከምሰሶው 1 ሜትር ገደማ በሚያርቁ መብረቅ በማያስተላልፉ መደገፊያዎች ላይ፣ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎችን ማቆም ነው። ይህ ከምሰሶው ማዕከል 1.2 ሜትር ያህል ይሸፍናል። የዘንጎቹን ቦታ ግን የአንቴናው ባለቤት ሳያጸድቀው አይወስኑ፤ በአንቴና ፊት ለፊት የቆመ ብረት ሥርጭቱን ይረብሻል። ባለቤቱ ዘንጎቹን የማይቀበል ከሆነ ምሰሶው ራሱ መቀበያ ይሆናል። ያኔ በቀጥታ ከመረቡ ጋር ይታሰራል፤ ገመዶቹ በሁለቱም ጫፍ በተያያዘ የብረት ትሪ ውስጥ ይሄዳሉ፤ በክፍሉ መግቢያ ላይም አንደኛ ዓይነት መከላከያ ይገባል።

ህንፃው ከ60 ሜትር በላይ ስለሆነ ጎኑም ይቆጠራል። ከከፍታው የላይኛው 20 በመቶ፣ ከ60 ሜትር በላይ እስከሆነ ድረስ፣ የጎን መቀበያ ይፈልጋል፤ በእርስዎ ህንፃ ይህ የመጨረሻዎቹ 12 ሜትሮች ነው። ለዚህ ክፍል አራተኛ ደረጃ በቂ ነው፤ ትኩረቱ በማዕዘኖችና ወደ ውጭ በወጡ ነገሮች ላይ ይሁን። ፊቱ በአሉሚኒየምና መስታወት የሚሸፈን ከሆነ፣ ቋሚ አሉሚኒየሞቹ ከላይ ከፓራፔቱ ገመድ ጋር፣ ከታች በ60 ሜትሩ ወለል ላይ ከፌሮው ጋር መያያዛቸውን ለፊት ሥራ ተቋራጩ በሥዕል ይስጡት።

የሁሉም መሠረት የሆነው ፌሮው በመጨረሻ መጣ። 112 ሜትር ዙሪያ ላለው ህንፃ በየ10 ሜትሩ ሲከፈል 12 ዳውን ኮንዳክተር ያህል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የውጭ ኮለኖች ሁሉ ይቆጠራሉ። የሚደረበው ፌሮ ከውፍረቱ 20 እጥፍ ባላነሰ ርዝመት ተደራርቦ በሽቦ በደንብ ከታሰረ፣ ወይም ከተበየደ ወይም በክላምፕ ከተያዘ ቀጣይነቱ ተቀባይነት አለው፤ የመዋቅር መሐንዲሱ የሚጠይቀው መደራረብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። እስከ 14ኛ ወለል ድረስ የተሞላውን ኮለን አሁኑኑ ይለኩት። ከተጋለጠው የላይኛ ፌሮ እስከ መሬት ማስያዣው ድረስ 10 አምፔር ገደማ በሚያሳልፍ መለኪያ ሲለካ ከ0.2 ኦም መብለጥ የለበትም። ይህንን ፈተና ካለፈ ቀሪዎቹን ወለሎች በሚሞሉበት ጊዜ በእያንዳንዱ ኮለን አንድ ፌሮ በቀለም ምልክት አድርገው በክላምፕ እያያያዙ ወደ ላይ ይቀጥሉ፤ በጣራው ሶሌታ ላይም የማያያዣ ሳህኖችን አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ያስወጡ። ካላለፈ፣ ማለትም በአንዳንድ ኮለኖች ላይ ከ0.2 ኦም በላይ ከሆነ፣ ለእነዚያ ኮለኖች በውጭ ግድግዳ ላይ ገመድ ያውርዱና በየወለሉ ከሚገኘው ፌሮ ጋር ያያይዙት፤ ሳያያይዙ ካወረዱት ያ 2.6 ሜትር ርቀት ተመልሶ ይመጣል።

ለአማካሪው የሚያቀርቡት ሥዕል ቢያንስ በሁለቱ ጎኖችና በሰያፉ የተቆረጡ ሴክሽኖችን ይዞ፣ በእያንዳንዱ ላይ 20 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በሁሉም ቦታ ተንከባልሎ የሚታይበት ይሁን። የማሽኖቹን ቁመት ከካታሎግ ሳይሆን ከነመሠረታቸውና ከነንዝረት ጎማቸው ይውሰዱ። የኤሲ ተቋራጩ ማሽኖቹን ከተከለ በኋላ በቦታው ይለኩና ክቡን እንደገና ያንከባልሉ፤ በግማሽ ሜትር መሸሽ ወይም ከፍ ማለት ያተረፍነውን ክፍተት ይበላል። ህንፃው ከተከራየ በኋላ በፓራፔቱ ላይ የሚተከል የማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ በጣራው ላይ የሚጨመር ዲሽና ሶላር ፓኔል ከዘንጎቹ ሽፋን ውጭ ሊወጣ ስለሚችል፣ ማንኛውም ተከራይ ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይህንን ሥዕል እንዲያሳይና በእሱ ላይ የሚጨምረውን ነገር እንዲያመለክት በኪራይ ውሉ ላይ ማስገባት ለባለንብረቱ እመክራለሁ።